10 ዓመት፣ 6 ዓመት ወይስ 3.6? የአንድ መንኮራኩር ጉዞ ሒሳብ

ጥያቄ፦ «አንድ መንኮራኩር በብርሃን ፍጥነት 80 በመቶ እየበረረ 8 የብርሃን ዓመት ወደሚርቅ ኮከብ ይሄዳል እንበል። ለምድር ሰዎች ጉዞው 10 ዓመት ይፈጃል፣ ለተጓዦቹ ግን 6 ዓመት ነው ይባላል። 8 የብርሃን ዓመት በ6 ዓመት ከሄዱ ከብርሃን ፈጠኑ ማለት አይደለም? ርቀቱም ያጥራል ስለሚባል ሁለቱን ቀመሮች አንድ ላይ ስጠቀም 3.6 ዓመት ይመጣብኛል። የቱ ነው ትክክል? ደግሞስ ለተጓዦቹ የምትንቀሳቀሰው ምድር ከሆነች መዘግየት ያለበት የምድር ሰዓት አይደል እንዴ?»

ምላሽ፦ ሦስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። የተሳሳተው ሦስቱንም የአንድ ጥያቄ መልስ አድርጎ መያዙ ነው። 10 ዓመት የሚሉት ምድርና ኮከቡ ላይ የተተከሉ ሰዓቶች ናቸው። 6 ዓመት የቆጠረው መንኮራኩሩ ውስጥ ያለው ሰዓት ነው። 3.6 ግን የተጓዦቹ የጉዞ ጊዜ አይደለም። ተጓዦቹ «እኛ መንገድ ላይ ሳለን ምድር ላይ ያለፈው ጊዜ» ብለው የሚያሰሉት ቁጥር ነው። ሳያስቡት የሌላ ጥያቄ መልስ አግኝተዋል። ወደ እሱ እመለሳለሁ፣ ምክንያቱም የመጨረሻው ጥያቄዎ የሚፈታው በእሱ ነው።

መጀመሪያ መዘግየቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ሰዓቱን ራሱን ከብርሃን እንሥራው። መንኮራኩሩ ውስጥ አንድ መስታወት ወለል ላይ፣ ሌላ መስታወት ጣሪያ ላይ አለ። በመካከላቸው ብርሃን ይመላለሳል። ከወለል ጣሪያ ሲደርስ አንድ ምት እንቆጥራለን። ለተጓዡ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ከውጭ ለሚከታተለው ግን ብርሃኑ ወደ ላይ ሲወጣ መንኮራኩሩ ወደ ፊት ይሄዳል። ስለዚህ ለእሱ የብርሃኑ መንገድ ሰያፍ ነው፤ ሰያፍ መንገድ ደግሞ ረዘም ይላል።

ብርሃን እንደ ተወረወረ ኳስ ቢሆን ችግር አልነበረም። የመንኮራኩሩን ፍጥነት ጨምሮ ይሄድና በረጅሙ መንገድም በእኩል ጊዜ ይደርስ ነበር። ግን አይጨምርም። አንስታይን በ1905 (እ.ኤ.አ.) መነሻ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በባዶ ሕዋ ውስጥ የብርሃን ፍጥነት ለሁሉም ተመልካች እኩል ነው። እንግዲህ ፍጥነቱ ካልጨመረና መንገዱ ከረዘመ፣ ምቱ ይዘገያል። ሌላ መውጫ የለውም።

ቁጥሩን እዚሁ ማውጣት ይቻላል። ከውጭ ሲታይ ብርሃኑ በሰያፍ 1 ሜትር ሲሄድ መንኮራኩሩ ወደ ፊት 0.8 ሜትር ይሄዳል። በፓይታጎረስ ሕግ ብርሃኑ ወደ ላይ የወጣው 0.6 ሜትር ብቻ ነው። ምድር ላይ የቆመ ተመሳሳይ ሰዓት ግን በዚሁ ጊዜ 1 ሜትር ሙሉ ይወጣል። ስለዚህ የምድር ሰዓት 10 ሲቆጥር የመንኮራኩሩ 6 ይቆጥራል። መጻሕፍት ጋማ የሚሉት ቁጥር ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም፤ v የመንኮራኩሩ ፍጥነት፣ c የብርሃን ፍጥነት ነው።

```
γ = 1 / √(1 − v²/c²)
v = 0.8c  →  γ = 1 / 0.6 ≈ 1.67
```

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አለመግባባት አለ። «ሰዓቱ ዘገየ» ሲባል ብዙ ሰው ሰዓቱ የተበላሸ፣ ወይም ተጓዡ ሁሉን ነገር በዝግታ የሚያደርግ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። መንኮራኩሩ ውስጥ የሰው ልብ እንደወትሮው ይመታል፣ ፀጉር እንደወትሮው ያድጋል፣ ብርሃኑም በመስታወቶቹ መካከል ቀጥ ብሎ ይመላለሳል። ተጓዡ የሚኖረው 6 ተራ ዓመታት ነው። ልዩነት የሚታየው ሰዓቱ ከሌሎች ሰዓቶች ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። ርቀትን በጊዜ ማካፈል ፍጥነት የሚሰጠው ሁለቱም በአንድ ተመልካች የተለኩ ከሆነ ብቻ ነው። 8 የብርሃን ዓመት የምድር ሰዎች ልኬት ነው። 6 ዓመት የተጓዦቹ ልኬት ነው። አንዱን በሌላው ሲያካፍሉ 1.33 ይወጣል፤ ነገር ግን ይህ የማንም ፍጥነት አይደለም። ለተጓዦቹ መንኮራኩሩ ቆሟል፤ ኮከቡ ነው በ0.8 የብርሃን ፍጥነት ወደ እነሱ የሚመጣው። 6 ዓመት ሲመጣ ቆይቶ ደረሰ። 6 ሲባዛ በ0.8 4.8 ነው። ስለዚህ ለእነሱ ኮከቡ መጀመሪያውኑ የራቀው 4.8 የብርሃን ዓመት ብቻ ነበር። 8ን በጋማ ቢያካፍሉም ይኸው ቁጥር ይመጣል።

ልብ ይበሉ፣ የርቀቱ ማጠር በጊዜው መዘግየት ላይ የሚደመር ሌላ ክስተት አይደለም። ያው አንድ ነገር ነው። የምድር ሰዎች «ርቀቱ 8 ነው፣ ግን ሰዓታቸው ስለዘገየ 6 ቆጠሩ» ይላሉ። ተጓዦቹ «ሰዓታችን ደህና ነው፣ ግን ርቀቱ 4.8 ስለሆነ 6 በቃን» ይላሉ። ስለዚህ የተጓዦቹን ጊዜ ለማግኘት ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይጠቀሙ። ሁለቱንም ከተጠቀሙ ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ ቅናሽ ወሰዱ ማለት ነው። 3.6 የመጣብዎት በዚህ መንገድ ነው።

ብርሃን ይቀደም እንደሆነም እንፈትሽ። መንኮራኩሩ በምድር አጠገብ ሲያልፍ የብርሃን ምልክት ወደ ኮከቡ ይላክ። ለምድር ሰዎች ብርሃኑ በ8 ዓመት ይደርሳል፣ መንኮራኩሩ በ10። ለተጓዦቹ ደግሞ ብርሃኑ ወደ ኮከቡ ሲሄድ ኮከቡም ወደ ብርሃኑ እየመጣ ነው። ስለዚህ በእነሱ ሰዓት ከ2 ዓመት ከ8 ወር በኋላ ይገናኛሉ። ተጓዦቹ ግን ገና 6 ዓመታቸውን መጨረስ አለባቸው። በሁለቱም በኩል ብርሃን ቀድሟል።

መንኮራኩሩ ራሱስ? ቆሞ ሲለካ 100 ሜትር ከነበረ የምድር ሰዎች 60 ሜትር ሆኖ ይለኩታል። የሚያጥረው በሚሄድበት አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ወርዱና ቁመቱ አይነኩም። ግን የተጨመቀ ብረት የለም። ውስጥ ያሉት ሜትራቸውን ዘርግተው ቢለኩ 100 ሜትር ነው የሚያገኙት። የሚሄድን ነገር መለካት ማለት አፍንጫውና ጭራው በአንድ ቅጽበት የት እንዳሉ ምልክት ማድረግ ነው። «በአንድ ቅጽበት» የሚለው ላይ ደግሞ ምድርና መንኮራኩሩ አይስማሙም። ማጠሩ የሚመነጨው ከዚያ ነው። በነገራችን ላይ ፎቶ ቢነሳ 60 ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ መንኮራኩር አይወጣም። ከጭራውና ከአፍንጫው የሚመጣው ብርሃን ካሜራው ጋ የሚደርሰው በተለያየ መዘግየት ስለሆነ ሥዕሉ የዞረ መስሎ ይታያል። ይህን ፔንሮዝና ቴረል በ1959 (እ.ኤ.አ.) ለየብቻ አሳይተዋል። መለካትና ማየት ለየቅል ናቸው፤ ይህ ነገር ከታች ይጠቅመናል።

ዋናው ቋጠሮ የመጨረሻው ጥያቄዎ ነው። አዎ፣ ለተጓዦቹ የምትንቀሳቀሰው ምድር ናት። የሚዘገየውም የምድር ሰዓት ነው። እነሱ 6 ዓመት ሲቆጥሩ ምድር ላይ 6 ሲባዛ በ0.6፣ ማለትም 3.6 ዓመት ብቻ አልፏል ይላሉ። ይህ ልክ ነው። ግን ኮከቡ ጋ ሲደርሱ በመስኮት አሻግረው እዚያ የተተከለውን ሰዓት ሲያዩ 10 ዓመት ይላል። ይህ ሰዓት ከምድር ሰዓት ጋር የተስተካከለ ነው። 3.6 ዓመት ብቻ ካለፈ 10 እንዴት ሊል ቻለ?

ተማሪ ሳለሁ እዚህ ላይ ነበር ለሳምንታት የተሰናከልኩት። ሁለቱን ቀመሮች ሸምድጄ ነበር፤ ሦስተኛውን ነገር ግን ማንም በቅጡ አልነገረኝም ነበር። ሦስተኛው ነገር «አሁን» የሚለው ቃል ነው።

የምድርንና የኮከቡን ሰዓት እንዴት እናስተካክላለን? በመካከላቸው፣ ከሁለቱም 4 የብርሃን ዓመት በሚርቅ ቦታ ላይ መብራት ይብራ። ብርሃኑ የደረሰው ሰዓት ከዜሮ ይጀምር። ለምድር ሰዎች ብርሃኑ ሁለቱም ጋ እኩል ይደርሳል፤ ሰዓቶቹ አብረው ጀመሩ። ለተጓዦቹ ግን ምድርም ኮከቡም ወደ ኋላ እየተንቀሳቀሱ ነው። ኮከቡ ወደ ብርሃኑ እየመጣ ነው፤ ምድር ደግሞ ከብርሃኑ እየሸሸች ናት። ስለዚህ ብርሃኑ ኮከቡ ጋ ቀድሞ ይደርሳል። የኮከቡ ሰዓት ቀድሞ ጀመረ ማለት ነው። በምን ያህል? ፍጥነቱን በምድርና በኮከቡ መካከል ባለው ርቀት ያባዙ።

```
v · L / c² = 0.8 × 8 = 6.4
```

ለተጓዦቹ እንግዲህ በምድር አጠገብ ሲያልፉ የምድር ሰዓት ዜሮ ሲል፣ የኮከቡ ሰዓት በዚያው ቅጽበት 6.4 ዓመት ይል ነበር። ከዚያ በጉዞው ሁሉ ዘግይቶ እየሠራ 3.6 ዓመት ጨመረ። 6.4 ሲደመር 3.6፣ 10። ሲደርሱ ያነበቡት ይኸው ነው። ማንም አልዋሸም። ሁለቱም ወገኖች የሌላው ሰዓት ዘገየ ይላሉ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ቅራኔ የሚመስለው «እኩል ጊዜ» ለሁሉም አንድ ነው ብለን ሳናውቀው ስለምናስብ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ተጓዦቹ ከምድር ሲያልፉ ኮከቡን በቴሌስኮፕ ቢመለከቱ 6.4 የሚል ሰዓት አያዩም። ብርሃኑ ለመድረስ ጊዜ ስለሚፈጅበት የሚያዩት ያረጀ ምስል ነው። 6.4 ያ መዘግየት ተቀንሶ የሚሰላ ቁጥር ነው።

«እሺ፣ ተመልሰው ሲመጡስ? ያኔ ሰዓቶቹ ጎን ለጎን ይሆናሉ፣ ሁለቱም ዘግይተው ሊገኙ አይችሉም» ማለትዎ አይቀርም። አዎ፣ አይችሉም። ተጓዦቹ 12 ዓመት አርጅተው፣ ምድር ደግሞ 20 ዓመት አርጅታ ይገናኛሉ። ይህን ያለ አንዳች «አሁን» ማረጋገጥ ይቻላል። በዓይን የሚታየውን ብቻ እንቁጠር። ምድር በየዓመቱ አንድ የብርሃን ምልክት ትልካለች። በዚህ ፍጥነት ሲራራቁ ምልክቶቹ በየ3 ዓመቱ ይደርሳሉ። ሲቀራረቡ ደግሞ በዓመት 3 ይደርሳሉ። የሚርቅ አምቡላንስ ድምፁ እንደሚወፍረው፣ የሚመጣው እንደሚቀጥነው ነው፤ ብቻ ይህኛው መዘግየቱንም ያካተተ ነው። ስለዚህ ተጓዦቹ በሄዱባቸው 6 ዓመታት 2 ምልክት፣ በተመለሱባቸው 6 ዓመታት 18 ምልክት ይቀበላሉ። ጠቅላላው 20።

በተቃራኒው ተጓዦቹም በየዓመታቸው ምልክት ይላኩ። ወደ ኋላ የተመለሱት ምድር 10ኛ ዓመቷ ላይ ሳለች ነው፤ ግን የመመለሳቸው ዜና ለመድረስ 8 ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ ምድር 18 ዓመት ሙሉ በየ3 ዓመቱ አንድ ምልክት ትቀበላለች፤ 6 ምልክት ሆነ። በቀሩት 2 ዓመታት ሌላ 6 ይመጣል። 12። ልዩነቱ እዚህ ጋ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ተጓዡ የምልክቶቹ ድግግሞሽ ሲቀየር የሚያየው በጉዞው መሐል፣ እሱ ራሱ ሲዞር ነው። ምድር ግን የምታየው በመጨረሻው ላይ ነው። የዞረው አንዱ ነው፤ ሁለቱ እኩል ያልሆኑት በዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የወረቀት ጨዋታ እንዳይመስልዎት። ሙኦን የሚባል ቅንጣት አለ። ከሕዋ የሚመጡ ጨረሮች አየሩን ሲመቱ ከላይ፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይፈጠራል። አማካይ ዕድሜው 2.2 ማይክሮ ሰከንድ ነው። በብርሃን ፍጥነት ቢሄድ እንኳ በዚህ ዕድሜ 660 ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው። መሬት ላይ ባልተገኘ ነበር። ግን ይገኛል፣ በብዛት። ለምሳሌ በ0.995 የብርሃን ፍጥነት ለሚሄድ ሙኦን ጋማው 10 ነው። ለእኛ ዕድሜው 22 ማይክሮ ሰከንድ ሆኖ ይረዝማል፤ ከአሥሩ አንዱ ገደማ መሬት ይደርሳል። ለሙኦኑ ዕድሜው ያው 2.2 ነው፤ ግን 15 ኪሎ ሜትሩ አየር 1.5 ኪሎ ሜትር ሆኖለታል። የእርስዎ መንኮራኩር ይኸው ነው፣ በትንሹ።

የምሳሌውን ድንበር ግን ማወቅ አለብዎት። መንኮራኩሩ ከምድር ቆሞ አይነሳም፤ በ0.8 እየበረረ በአጠገቧ ያልፋል ብዬ ነው ያሰላሁት። ሲዞርም በቅጽበት ዞረ ብዬ ነው። እውነተኛ ተጓዥ ክብደቱ ምድር ላይ እንዳለው ሆኖ እየተሰማው ወደ 0.8 ለመድረስ በራሱ ሰዓት ከአንድ ዓመት ጥቂት በላይ ማፋጠን አለበት። ያ ሲጨመር 6 ዓመት የነበረው ይረዝማል። ለዚያ የሚሆነው ሒሳብ በየቅጽበቱ ያለውን ፍጥነት ወስዶ የሰዓቱን ምት መደመር ነው፤ የሚያስፈልገው ያው እስካሁን የሠራንበት የአንስታይን ንድፈ ሐሳብ፣ ልዩ አንጻራዊነት ነው። «ማፋጠን ካለ አጠቃላይ አንጻራዊነት ግድ ነው» የሚለው በየቦታው የሚወራ ስህተት ነው። አጠቃላይ አንጻራዊነት የአንስታይን የስበት ንድፈ ሐሳብ ነው፤ የሚያስፈልገው የስበት ልዩነት ሲኖር ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሰዓት በፍጥነታቸው ምክንያት በቀን 7 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከፍ ብለው ስበቱ ስለላላላቸው ግን 45 ያህል ይቀድማል። እዚያ የጋማ ቀመር ብቻውን የተሳሳተ አቅጣጫ ነው የሚሰጥዎት።

ምክሬ አንድ ነው። ቀመር ከማንሳትዎ በፊት ሁለት ክስተቶችን በወረቀት ይጻፉ። እዚህ «መንኮራኩሩ በምድር አጠገብ አለፈ» እና «መንኮራኩሩ ኮከቡ ጋ ደረሰ» ናቸው። ከዚያ በሁለቱም ክስተቶች ላይ የተገኘው የትኛው ሰዓት እንደሆነ ይጠይቁ። የመንኮራኩሩ ነው። አጭሩን ጊዜ የሚቆጥረው ሁልጊዜ እሱ ነው። የምድር ሰዓት በሁለተኛው ክስተት ላይ አልነበረም፤ ስለዚህ 10 ለማለት ሁለት የተስተካከሉ ሰዓቶች ያስፈልጋሉ። በተመሳሳይ፣ ርዝመት ሲጠየቁ ዕቃው የቆመው ለማን ነው ብለው ይጠይቁ። ረጅሙን የሚለካው እሱ ነው። የምድርና የኮከቡ ርቀት የቆመው ለምድር ሰዎች ነው፤ ስለዚህ 8ቱ የእነሱ ነው።

መልመጃ እንዲሆንዎ ፍጥነቱን 0.6 አድርገው፣ ኮከቡንም 6 የብርሃን ዓመት ላይ አስቀምጠው ሁሉንም እንደገና ይሥሩ። ለምድር አሁንም 10 ዓመት ነው፣ ለተጓዦቹ ግን 8 ይመጣል። እዚያም 3.6 የሚል ቁጥር ያገኛሉ። እንዳያታልልዎት። በዚህኛው የምድር ሰዓት በጉዞው የቆጠረው 6.4 ነው፤ 3.6ቱ የኮከቡ ሰዓት የቀደመበት ነው።